ሮቢት ሲባል የትኛዋ?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃንና በደሴ አድርጎ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ ሁለት ሮቢቶች አሉ። አንደኛዋ ጣርማበርን አቋርጠው፣ ደብረ ሲናን ወርደው፣ ቆላው ሲጀምር የሚያገኟት ናት፤ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሁለተኛዋ ጋ ለመድረስ ግን ከሚሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ደሴንና ወልድያን ማለፍ ያስፈልጋል፤ የምትገኘው ጎቢዬን አልፈው ቆቦ ሊገቡ ጥቂት ሲቀር ነው። በሁለቱ መሀል ያለው መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሁለቱም አማራ ክልል ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱም የአንድ አስፋልት ዳር ከተሞች ናቸው። መናኸሪያ ሄዶ «ሮቢት» ያለ መንገደኛ፣ ረዳቱ «የትኛዋ?» ብሎ ካልጠየቀው በቀር፣ የት እንደሚያወርዱት እርግጠኛ መሆን አይችልም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲወጣ፣ ጣና ሐይቅ አጠገብ፣ ሮቢት የሚባል ሌላ የገጠር ቀበሌ መኖሩን ሲሰማ ደግሞ ግራ መጋባቱ ይብሳል።

ሮቢት ብቻዋን አይደለችም። ሮቤ የሚባል ከተማ በባሌም በአርሲም አለ። ነገሌ ሁለት ናት። ደራ ቢያንስ ሦስት ቦታ አለ፤ ቡሬም እንዲሁ። ቦረና የሚለው ስም በኬንያ ጠረፍ ያለውን ሰፊ አገር ሲጠራ፣ ደቡብ ወሎ ውስጥ ደግሞ መካነ ሰላም የምትገኝበትን ወረዳ ይጠራል። የአገሬው ሰው በዚህ ሲቸገር አይታይም። ችግሩ የሚመጣው ስሙ ከቦታው ርቆ ሲሄድ ነው፤ በስልክ ሲነገር፣ በፖስታ ላይ ሲጻፍ፣ በዜና ሲነበብ፣ በካርታ ሲፈለግ። ለምን እንዲህ እንደሚሆን የተረዳ ሰው ቦታዎቹን መለየት አይከብደውም።

ስም የሚያወጣው ጎረቤት ነው

አንድ ቦታ ስም ሲወጣለት የሚያወጡለት በዙሪያው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ስሙ የሚያስፈልጋቸውም እርስ በርስ ለመግባባት ነው። በሌላ ጠቅላይ ግዛት ተመሳሳይ ስም ይኑር አይኑር የሚያጣሩበት ምክንያት የላቸውም።

ይህን በደንብ የሚያሳዩት በገበያ ቀን የተሰየሙት ከተሞች ናቸው። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ ሐሙሲት አለች። ጎንደር ሊደርሱ ሲሉ ማክሰኝት ትገኛለች። የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ዓርብ ገበያ ነው። በገጠሩ የተጠጋጉ ገበያዎች አንድ ቀን አይውሉም። እዚህ ሐሙስ ከዋለ እዚያ ቅዳሜ ይውላል፤ ነጋዴው ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲዞር፣ ገበሬውም ሁለቱንም እንዲያዳርስ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በእግሩ ደርሶ በሚመለስበት ክልል ውስጥ የሐሙስ ገበያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። «ሐሙሲት» ሲባል ማንም አይሳሳትም። ነገር ግን ቀኖቹ ሰባት ብቻ ናቸው፤ ገበያዎቹ ደግሞ እጅግ ብዙ። ሦስት አራት ቀን ርቀው ያሉ ሰዎችም በዚያው ደንብ የራሳቸውን የሐሙስ ገበያ በዚያው ስም ይጠሩታል። ሰፈር ውስጥ ፍጹም ግልጽ የሆነው ስም አገር ሲሰፋ የሚደጋገመው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምንጭ መጽሐፍ ቅዱስና ቤተ ክርስቲያን ነው። ደብረ ሲና፣ ደብረ ታቦርና ደብረ ዘይት የቅድስት አገር ተራሮች ስሞች ናቸው። ከአንድ መጽሐፍ የሚቀዱ ስሞች ቁጥራቸው ውስን ስለሆነ መደጋገማቸው አይቀርም። ደብረ ሲና ሸዋ ውስጥ ከተማ ናት፤ በጎርጎራ የጣና ዳር ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በኤርትራም በዚሁ ስም የታወቀ ገዳም አለ። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ራሱ የሲና ተራራ አለ።

ሦስተኛው ምንጭ የሰው እንቅስቃሴ ነው። ሕዝብ ከቦታ ቦታ ሲሄድ የጎሳውን ስም ይዞ ይሄዳል፤ በሰፈረበትም ምድር ላይ ያኖረዋል። ቦረና ከኦሮሞ ሁለት ታላላቅ ነገዶች አንዱ ነው። ስሙ በደቡብም በወሎም መገኘቱ ኦሮሞዎች በ16ኛው መቶ ዘመንና ከዚያ ወዲህ ያደረጉትን ጉዞ ያስታውሳል። ሜጫ የሚለውም ስም በምዕራብ ሸዋም፣ መርዓዊ በምትገኝበት በጎጃምም የቀረው በዚሁ መንገድ ነው።

ከዚህ ውጭ ስለሆኑት መጠንቀቅ ይገባል። ሁለት ቦታዎች አንድ ዓይነት ስም ስላላቸው ብቻ ዝምድና አላቸው ማለት አይደለም። አንዱ ቡሬ በጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሌላው ቡሬ በኢሉ አባ ቦር፣ ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። ሦስተኛው በአፋር፣ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ በኤርትራ ድንበር አካባቢ ነው። ሦስቱ የሚገኙት የተለያየ ቋንቋ በሚነገርባቸው ምድሮች ነው፤ የድምፃቸውን መመሳሰል ብቻ ይዞ ታሪክ መሥራት አይቻልም። በጨዋታ መሀል የሚለያቸው ነገሩ ራሱ ነው። ስለ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚያወራ ሰው ቡሬ ካለ የጎጃሙን ማለቱ ነው። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም በተደረገው ጦርነት «ቡሬ ግንባር ነበርኩ» የሚል ወታደር ደግሞ የአፋሩን ቡሬ እያስታወሰ ነው።

ቅጥያው ይረዳል፤ ግን ያረጃል

የአገሩ ሰው ለዚህ ችግር የቆየ መፍትሔ አለው። ስሙ ላይ የሰፊውን አገር ስም ይቀጥልበታል፤ ሸዋ ሮቢት፣ ባሌ ሮቤ፣ አርሲ ሮቤ፣ ወላይታ ሶዶ፣ አርሲ ነገሌ፣ ነገሌ ቦረና። የሸዋዋ ሮቢት ቅጥያዋ ከስሟ ጋር ተጋብቶ ይፋዊ መጠሪያዋ እስከመሆን ደርሷል። የራያዋ ሮቢት ግን ብዙ ጊዜ ያለቅጥያ ነው የምትጠራው። ስለዚህ ቅጥያ የሌለው «ሮቢት» ሲነገር ዘለው ወደ ሸዋ መሄድ አይገባም። ተናጋሪው የቆቦ ሰው ከሆነ ለእርሱ ሮቢት ማለት ጎረቤቱ ያለችው ናት።

ቅጥያው ሌላም እንከን አለው፤ የሚያመለክተው ብዙ ጊዜ የድሮውን አስተዳደር ነው። ሁለቱን ነገሌዎች እንመልከት። አርሲ ነገሌ ከሻሸመኔ በስተሰሜን፣ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ስሟን አምኖ አርሲ ዞን ውስጥ የሚፈልጋት ሰው አያገኛትም፤ ዛሬ ያለችው ሻሸመኔ ዋና ከተማው በሆነው በምዕራብ አርሲ ዞን ነው። ነገሌ ቦረና ደግሞ ይህን ስም እንደያዘች ለረጅም ጊዜ የቦረና ሳይሆን የጉጂ ዞን ዋና ከተማ ነበረች። በ2015 ዓ.ም ምሥራቅ ቦረና የሚባል ዞን ሲቋቋም አስተዳደሯ እንደገና ተቀየረ። ስለዚህ «ቦረና» የሚለው ቅጥያ ስለ አካባቢው ይናገራል እንጂ በየዘመኑ ስላለው የዞን ወሰን ምስክር መሆን አይችልም። ሦስት ሰዎች በተለያየ ዓመት የሞሏቸው ሦስት ቅጾች ሦስት የተለያዩ ዞኖች ሊጠቅሱ ይችላሉ፤ የሚናገሩት ግን ስለ አንዲት ከተማ ነው።

ሮቤዎቹ ሌላ ነገር ያስተምራሉ። ሁለቱም ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ናቸው። ሁለቱም ስንዴ በሚበቅልበት ደጋ ላይ ናቸው። የመደበኛ ስልካቸው መነሻ ቁጥር እንኳ ሁለቱም ጋ 022 ነው። ክልሉን፣ የአየር ጠባዩንና የስልክ መነሻውን ጠይቆ መልስ ያገኘ ሰው፣ ሦስት ነገር ቢያውቅም አንዱን ሮቤ ከሌላው አልለየም። የሚለየው ሌላ ጥያቄ ነው። አጠገቡ ጎባ ካለች፣ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ እዚያ ከሆነ፣ አውሮፕላን የሚያርፍበት ከሆነ ቦታው ባሌ ሮቤ ነው። በአየር ትኬት ላይ የሚጻፈው የአውሮፕላን ጣቢያው መለያም GOB ሲሆን፣ የጎባን ስም ያስታውሳል። አርሲ ሮቤ እነዚህ የሏትም።

ደራ፦ ዞኑም ስሙ ሁለት ሲሆን

ከሁሉም የሚያሳስተው ደራ ነው። ምክንያቱም ስሙ የሚጠራቸው ነገሮች ዓይነታቸውም የተለያየ ነው። ከአዳማ ወደ አሰላ ሲሄዱ ዶዶታ ወረዳ ውስጥ ደራ የምትባል ከተማ አለች። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ደራ ወረዳ ነው፤ ዋና ከተማው አንበሳሜ ነው፤ ከላይ ያነሳናት ሐሙሲትም የምትገኘው እዚያው ነው። በሰሜን ሸዋ ደግሞ ጉንዶ መስቀል ዋና ከተማው የሆነ ሌላ ደራ ወረዳ አለ።

ስለዚህ «ከደራ ነኝ» የሚል ሰው ሲገጥም መጀመሪያ መለየት ያለበት ደራ ያለው ከተማ ነው ወይስ ወረዳ የሚለው ነው። የአርሲዋ ደራ ተወላጅ ከተማዋን በስሟ ይጠራል። የጎንደሩ ደራ ልጅ ግን የተወለደው አንበሳሜ ወይም ሐሙሲት ወይም አንዱ ገጠር ቀበሌ ሊሆን ይችላል። «ደራ ከተማ» ብሎ በካርታ ላይ የሚፈልገው ሰው አርሲ ላይ ያርፍና ሌላ ሰው ቤት ይገባል።

ቀጥሎ ያለው ወጥመድ ዞኑ ነው። ሦስተኛውን ደራ «ሰሜን ሸዋ ደራ» ብለን የጨረስን ይመስለናል። ሆኖም ሰሜን ሸዋ የሚባሉ ዞኖች ራሳቸው ሁለት ናቸው፤ ደብረ ብርሃን ዋና ከተማው የሆነው በአማራ ክልል ነው፣ ፍቼ ዋና ከተማው የሆነው በኦሮሚያ ክልል ነው። ሁለቱም የአንድ ቀድሞ ሸዋ ክፍሎች በመሆናቸው የተወረሰው ስም አንድ ነው። ደራ ያለው በኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ያለችው በአማራው ሰሜን ሸዋ ነው። ዞንን ያለ ክልል መጻፍ የማያዋጣው ለዚህ ነው። ክልልን ያለ ዞን መጻፍ እንደማያዋጣ ደግሞ ሁለቱ ሮቢቶች አሳይተውናል።

የሚለየውን ጥያቄ መጠየቅ

አንድ ሰው ከጅዳ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ አብራው የምትሠራ ሴት ለእናቷ የሚያደርሰው ዕቃ ሰጠችው እንበል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ሮቢት፣ አማራ ክልል» የሚል አድራሻና የእጅ ስልክ ቁጥር ነው። የእጅ ስልክ ቁጥር ባለቤቱ የት እንዳለ አይናገርም። ሰውየው አዲስ አበባ ደርሶ ይደውላል።

ስልኩ ሲነሳ «ደሴ መንገድ ላይ ናት?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ አዎ ነው፤ ግን ምንም አላተረፈም፤ የሁለቱም ሮቢቶች ሰው ለዚህ ጥያቄ አዎ ይላል። «ቆላ ናት?» ቢልም እንዲሁ ነው። «ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አላችሁ?» ብሎ መጠየቅም አይረዳም፤ ሚካኤል የሌለበት አገር አይገኝም። ጥሩ ጥያቄ ማለት የሁለቱ ቦታዎች ሰዎች የተለያየ መልስ የሚሰጡበት ጥያቄ ነው። ለሮቢት ያ ጥያቄ ደሴ ናት፤ ምክንያቱም ደሴ በሁለቱ መሀል ትገኛለች።

«እማማ፣ ሮቢት የሚሉት ከአዲስ አበባ ሲመጣ ከደሴ ወዲህ ነው ወዲያ?»

«ወዲያ ነው እንጂ ልጄ፤ ወልድያንም ታልፋለህ። ቆቦ ቅርባችን ነው።»

በዚህ መልስ ነገሩ አለቀ ማለት ይቻላል። ጥንቁቅ ሰው ግን አንድ ማረጋገጫ ይጨምራል፤ ወረዳው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ራያ ቆቦ ከተባለ ዞኑ ሰሜን ወሎ ነው። ቀወት ከተባለ ወይም ጎረቤቶቹ ደብረ ሲናና አጣዬ ከሆኑ ቦታው ሸዋ ሮቢት ነው። ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ወደ አንድ ቦታ ካመለከቱ ጉዞውን መጀመር ይቻላል። ካልተስማሙ ግን ዕቃው ከመጫኑ በፊት ደግሞ መደወል ይሻላል።

የሚጠየቅ ሰው ሳይኖር ሲቀር፣ ለምሳሌ የቆየ ደብዳቤ ወይም የልደት ማስረጃ ብቻ ሲገኝ፣ ሥራው ከወረቀቱ ዘመን ይጀምራል። በንጉሡና በደርግ ዘመን የተጻፈ ማስረጃ ዞን አይጠቅስም፤ ጠቅላይ ግዛት ወይም ክፍለ ሀገር፣ አውራጃና ወረዳ ነው የሚጠቅሰው። አውራጃው «ይፋትና ጥሙጋ» ከሆነ ሮቢት የሸዋዋ ናት። «ራያና ቆቦ» ከሆነ የወሎዋ ናት። የዛሬውን ካርታ ብቻ ይዞ እነዚህን አውራጃዎች የሚፈልግ ሰው ስለማያገኛቸው ማስረጃው የተሳሳተ ይመስለዋል። እውነቱ ግን አውራጃው ከዛሬው አድራሻ ይበልጥ ግልጽ አድርጎ ነግሮታል።

ካርታ ላይ ሲፈለግ

በስልክ ካርታ የሚፈልግ ሰው ሁለት ነገር ልብ ይበል። የመጀመሪያው የላቲን ፊደል አጻጻፍ ነው። ቡሬ በአንዱ ካርታ Bure፣ በሌላው Burie ተብሎ ይጻፋል። በአማርኛ የሚለያዩት ሮቤና ሮቢት ደግሞ Robe፣ Robi እና Robit እየተባሉ ሊቀላቀሉ ይችላሉ። አንዱ አጻጻፍ አላገኘም ማለት ቦታው የለም ማለት አይደለም። ሁለተኛው ካርታው የሚሰጠው ቅደም ተከተል ነው። ብዙ ጊዜ ትልቋን ከተማ ያስቀድማል፤ የመጀመሪያው መልስ ትክክለኛው መልስ መሆኑን ግን ማንም አላረጋገጠም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ካርታው ላይ ያለውን ነጥብ ሲነኩት የኬክሮስ ቁጥሩ ይታያል። ሸዋ ሮቢት 10 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፤ የራያዋ ሮቢት ወደ 12 ዲግሪ ትጠጋለች። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በሁለቱ መሀል በቀጥታ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ከቁጥሩ ጋር መታገል የማይፈልግ ሰው ካርታውን አስፍቶ ጎረቤት ከተሞቹን ያንብብ። አጣዬን ካየ አንዷ ናት፤ ቆቦን ካየ ሌላዋ።

አንድ ከተማ በሁለት ስም

የዚህ ተቃራኒም አለ፤ ሁለት ስም ተሰምቶ ቦታው አንድ ይሆናል። አዳማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተባለች። ወደ ጥንተ ስሟ በይፋ ከተመለሰች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ሆኖም ናዝሬት የሚላት ሰው ዛሬም ሞልቷል። ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ተብላ ነበር፤ አምቦም ሀገረ ሕይወት። በእነዚያ ዓመታት የተወለደ ሰው የልደት ማስረጃው ላይ ናዝሬት፣ መታወቂያው ላይ አዳማ ሊጻፍለት ይችላል፤ በውጭ አገር የኢሚግሬሽን ቢሮ ፊት ይህ ሁለት የተለያየ የትውልድ ቦታ መስሎ ይታያል። እስራኤል ላለ ሰው ነገሩ ይብሳል። እዚያ «ናዝሬት ተወለድኩ» ሲባል ሰሚው የሚያስባት የገሊላዋን ከተማ ነው። በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ሁለቱንም ስም፣ ከአገሩ ስም ጋር አብሮ መጻፍ ብዙ ምልልስ ያስቀራል።

አድራሻ ስትጽፉ እንግዲህ የቦታው ስም ብቻውን አድራሻ አለመሆኑን አስቡ። ክልሉን፣ ዞኑንና ወረዳውን ጻፉ፤ ከተማ፣ ወረዳ ወይም ቀበሌ መሆኑን ግለጹ፤ ቀጥሎም የታወቀ ጎረቤት ከተማ ጨምሩ። ከዞን ዞን የተዘዋወረ ወይም ስሙ የተቀየረ ቦታ ከሆነ የድሮውንም አክሉበት። ዞኖች ነገ እንደገና ሊከፈሉ ይችላሉ፤ «ቆቦ አጠገብ ያለችው ሮቢት» የሚለው ግን ያን ጊዜም ከስሕተት ያድናል።